ሦስት ደረጃ ያለው የክፍያ ማስታወሻ ምንድን ነው?

በዱቤ የሸጠ ሰው ገንዘቡ ሲዘገይበት ብዙውን ጊዜ ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል፤ ሲመረው ደግሞ ድንገት በቁጣ ይደውላል። ሦስቱ ማስታወሻዎች በዝምታውና በቁጣው መሃል ያለውን መንገድ የሚይዙ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስናልፍ የሚለወጠው የምንጠይቀው ነገር ነው። መጀመሪያ ምን እንዳዘገየው እንጠይቃለን፣ ቀጥሎ የሚከፍሉበትን ቀን፤ በመጨረሻ ቀኑን ራሳችን እንቆርጣለን።

አንድ ማተሚያ ቤት እንውሰድ። ጥቅምት 5 የ84,000 ብር ብሮሸር ለአንድ ድርጅት አስረከበ። ክፍያው በ30 ቀን፣ ኅዳር 5 መግባት ነበረበት። አልገባም።

ኅዳር 8 በቴሌግራም ወይም በኢሜይል እንዲህ ይጻፋል፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ84,000 ብሩ ክፍያ ኅዳር 5 ነበር። በሥራ ብዛት ተዘንግቶ እንደሆነ ብዬ ኢንቮይሱን ድጋሚ አያይዣለሁ። የጎደለ ሰነድ ይኖር ይሆን?» ጥያቄዋን እንዳትተዋት። ብዙ ጊዜ ክፍያው የሚቆመው የርክክብ ሰነዱ ስላልተፈረመ ወይም ዋናው ደረሰኝ ፋይናንስ ስላልደረሰ ነው።

ኅዳር 20 ደብዳቤ ለፋይናንስ ኃላፊው ይሄዳል፤ ግልባጩ ለሥራ አስኪያጁ። «ተዘንግቶ እንደሆነ» የሚለው እዚህ ይቀራል። «ክፍያው የሚፈጸምበትን ቀን እስከ ኅዳር 27 በጽሑፍ እንዲያሳውቁን» ብሎ ማለት ይበቃል። «ሥራው ጉድለት አለው» የሚል መልስ ከመጣ ግን ሦስተኛውን ደብዳቤ ማቆየትና መጀመሪያ ቅሬታውን መፍታት ይሻላል።

ዋናው ሦስተኛው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 መሠረት፣ ውሉን አላከበርክልኝም ብሎ መብቱን የሚጠይቅ ሰው በመርህ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ ደግሞ በዓመት 9 በመቶ የሆነው ሕጋዊ ወለድ መቆጠር የሚጀምረው ከማስጠንቀቂያው ነው። በ84,000 ብር ላይ ይህ በወር 630 ብር ይመጣል።

ስለዚህ ታህሳስ 3 የሚወጣው ደብዳቤ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ይጻፋል። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማህተም ይኖረዋል። ርዕሱ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ነው። የዕዳውን መጠን፣ የኢንቮይሱን ቁጥርና የቀደሙትን ሁለት ማስታወሻዎች ቀን ይጠቅሳል። ከዚያ፦ «እስከ ታህሳስ 13 ገንዘቡ ገቢ ካልሆነ፣ ዋናውን ዕዳ ከሕጋዊ ወለድና ወጪ ጋር በፍርድ ቤት የምንጠይቅ መሆኑን እናሳውቃለን።»

«በአስቸኳይ እንዲከፍሉ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ሰውየው መቼ እንዳለፈበት አይታወቅምና። ፖሊስ እጠራለሁ ማለትም አያዋጣም። ያለ ቼክ የተሰጠ ተራ ዱቤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ይህን የሚያውቅ ሂሳብ ሹም ዛቻውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ደብዳቤውን ለጥበቃ ሰጥቶ መመለስ የለም። መዝገብ ቤት ገብቶ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብሎ ስም፣ ፊርማና ቀን ማስጻፍ ነው። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላካል፤ የፖስታ ቤቱም ደረሰኝ ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል። ታህሳስ 13 ካለፈ ሌላ «የመጨረሻ» ደብዳቤ አይጻፍም። ፋይሉ ለጠበቃ ይሰጣል።