ጎደሎ ክፍያ የሚጠየቅበት ደብዳቤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ብጽፍላቸው ይገባቸዋል"

ደብዳቤው የሚደርሰው ሂሳብ ክፍል ነው፣ እዛ ያለው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ፋይሉን የሚያወጣበት ቁጥር ነው። ድሬ ከዚራ ወንበር የሚሸጥ ጓደኛዬ ለአንድ ሆቴል የጻፈውን አሳየኝ፣ ሙሉ ገጽ ነው፣ ስንቴ እንደደወለ፣ ማን "ነገ ና" እንዳለው፣ የስንት ዓመት ደንበኞች እንደሆኑ ሁሉ አለበት፣ ኢንቮይስ ቁጥሩ ግን የትም የለም። ከሱ ደጋግመው የሚገዙ ሰዎች የቱን እንደሚል በምን ይወቁ?

"ኢንቮይሱ ላይ ካለው የገባውን ስቀንስ ጎደሎው ይወጣል"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 100 ወንበር በ800 ብር 80,000 ነው፣ 15% ቫት 12,000 ሲጨመር 92,000 ይሆናል። ባንክ የገባው 80,400 ስለሆነ ጓደኛዬ "11,600 ጎድሎኛል" ብሎ ጽፏል፣ ግን ሆቴሉ 2,400 ብር ዊዝሆልዲንግ ቆርጦ ደረሰኙን ሰጥቶታል፣ ያ ግብሩን ሲያሳውቅ የሚታሰብለት እንጂ የተበላ ብር አይደለም። 11,600 ብሎ ቢልክ ኖሮ ስህተቱን ይዘው ደብዳቤውን በሙሉ ይመልሱለት ነበር። (ደረሰኝ ካልሰጡህ ግን ዝም ብለህ አትቀንስ፣ ወይ ደረሰኙን ወይ ብሩን በል።)

ትክክለኛው ጎደሎ 9,200 ነው፣ እሱን ስናገኝ ምክንያቱም ታየን፦ አንድ ወንበር ከነቫቱ 920 ብር ነው፣ ስለዚህ የጎደለው ልክ የ10 ወንበር ሂሳብ ነው፣ ማለት የ90 ብቻ ነው የከፈሉት። የርክክብ ወረቀቱን ስናወጣ የራሳቸው ስቶር ኪፐር 100 ብሎ ፈርሞበታል። ከዛ ደብዳቤው እንዲህ አጠረ፦

"በኢንቮይስ ቁጥር 0417 ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ላስረከብናችሁ 100 ወንበሮች ከነቫቱ 92,000 ብር፣ ዊዝሆልዲንግ 2,400 ብር ሲቀነስ 89,600 ብር መከፈል ነበረበት። ኅዳር 3 በባንክ የገባልን 80,400 ብር ነው። የጎደለው 9,200 ብር፣ የ10 ወንበር ዋጋ ከነቫቱ ነው። 100 መረከባችሁን የሚያሳየው ሰነድ ተያይዟል። ቀሪው እስከ ኅዳር 20 እንዲከፈለን ወይም የተቀነሰበት ምክንያት በጽሁፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።"

"ፍርድ ቤት እከሳለሁ ካላልኩ አይሰሙኝም"

በመጀመሪያው ደብዳቤ ክስ ካነሳህ ወረቀቱ ከሂሳብ ክፍል ወጥቶ ጠበቃ ጋ ይሄዳል፣ ሂሳብ ሰራተኛው በአንድ ቀን የሚያስተካክለው ነገር እዛ ይቀመጣል። ቀን ገደቡ ለጊዜው ይበቃል። ይልቅ ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድና አንዱ ላይ ተቀባዩ ስሙንና ቀኑን ጽፎ እንዲፈርምልህ አድርግ፣ ኅዳር 20 ካለፈ የሚያስፈልግህ እሱ ነው።