አሻራዎ ከስልኩ ሳይወጣ ክፍያው እንዴት ይጸድቃል?

በስልክ የባንክ መተግበሪያ ላይ ጣትን አስነክቶ ገንዘብ መላክ የተለመደ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ባንኩ የደንበኛውን አሻራ ተቀብሎ የሚያመሳክር ይመስለዋል። ሆኖም በዚህ መንገድ ለባንኩ የሚደርሰው አሻራ የለም።

በአግባቡ በተሠራ መተግበሪያ ውስጥ ደንበኛው በአሻራ መክፈልን ሲፈቅድ፣ በስልኩ ውስጥ ከሌላው ክፍል ተለይቶ የሚጠበቅ ቦታ ሁለት ተጣማጅ ቁልፎችን፣ ማለትም ረጃጅም ቁጥሮችን፣ ያመነጫል። ይፋዊው ቁልፍ ወደ ባንኩ ተልኮ ይመዘገባል፤ ምስጢራዊውን ግን መተግበሪያው ራሱ እንኳ ሊያነበው አይችልም።

ለምሳሌ 2,000 ብር ሲላክ፣ ባንኩ የገንዘቡን መጠን፣ የተቀባዩን ሂሳብና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ወደ ስልኩ ይልካል። ጣት ሲያርፍበት ስልኩ አሻራውን እዚያው ከተመዘገበው ጋር ያመሳክራል፤ ከተስማማም ምስጢራዊው ቁልፍ መልእክቱን እንዲፈርም ይፈቀድለታል። ወደ ባንኩ የሚሄደው ፊርማው፣ ማለትም ከመልእክቱና ከምስጢራዊው ቁልፍ የተሰላ ማረጋገጫ፣ ሲሆን፣ ባንኩም በይፋዊው ቁልፍ ትክክለኛነቱን ያረጋግጣል። ቁጥሩ ዳግም ስለማይሠራ፣ ፊርማውን የጠለፈ ሰው ሌላ ክፍያ ሊፈጽምበት አይችልም።

አሠራሩ ግን ጣቱ የማን እንደሆነ አይለይም፤ በስልኩ ላይ የተመዘገበ መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቀው። የልጅዎን ጣት አስቀድመው መዝግበው ከሆነ፣ ልጅዎም ክፍያ ሊያጸድቅ ይችላል። በኋላ አዲስ ጣት ሲመዘገብ ግን፣ የመተግበሪያው ሠሪዎች ይህን ጥበቃ ካላነሱት በስተቀር፣ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቁልፉ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ መተግበሪያው በድንገት የይለፍ ቁጥር የሚጠይቀውም፣ አሰልቺ ቢሆንም፣ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።