ጳጉሜን 6 የምታዛባቸው ስድስት ወራት፦ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን የሚነገሩ ስሕተቶች

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ውስጥ ሰነድ እጽፋለሁ፣ እተረጉማለሁ። የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃ፤ ከሁሉም ላይ ቀን አለ፣ ቀኑም ወደ ፈረንጅ መዞር አለበት። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ከሚጠብቁ ደንበኞች ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች እነዚህ ናቸው።

«አሥራ ሦስት ወር ስለምንቆጥር በየዓመቱ እየዘገየን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀረን።»

አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው፤ ሲደመሩ 360 ይሆናሉ። ጳጉሜን አምስቱን ስትጨምርበት 365 ሞላ። ፈረንጆቹ እነዚያኑ አምስት ቀናት ለየወሩ እየቆራረሱ 31 አደረጓቸው፣ ከፌብሩዋሪ ደግሞ ቀነሱ። እኛ ትርፉን ለብቻው አስቀመጥነው፤ ጳጉሜን የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ተጨማሪ ማለት ነው። ስለዚህ በዓመት ርዝመት የምንዘገየው ነገር የለም። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት የመጣው ከመነሻው ነው፤ እኛ ክርስቶስ የተወለደው ዓለም በተፈጠረ በ5500 ዓመት ነው የሚለውን የእስክንድርያ ስሌት ስንይዝ፣ ምዕራባውያን በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ይኖር የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ ያወጣውን ያዙ።

«ስምንት ደምርበት፣ አለቀ።»

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት። ታኅሣሥ 23 የእነሱ ጃንዋሪ 1 ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የማያውቀው፣ ይህ ድንበር በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በአንድ ቀን የሚንቀሳቀስ መሆኑን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የሚቀጥለው ነው።

«ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 29 በሚያደርጉበት ጊዜ ነው፤ ያው እኩል ነው።»

እኩል አይደለም። የእኛ ትቀድማለች፣ ያውም በስድስት ወር ገደማ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ዘመኑን ለማወቅ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለአራት ያካፍላሉ፤ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። (5500 ራሱ ለአራት ስለሚካፈል ቸኩለህ ከሆነ መደመሩን መዝለል ትችላለህ።) 2015 ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ዋለች፤ ስለዚህ የ2016 እንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 12 ተገፋ። ፈረንጆቹ የእነሱን ተጨማሪ ቀን ያስገቡት ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ነው፤ በእኛ የካቲት 21። እስከዚያ ድረስ ያለው ቀን ሁሉ ከተለመደው በአንድ ተገፍቶ ነበር፤ ከየካቲት 22 ጀምሮ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህች አንድ ቀን ሰው ታንከራትታለች። አንዲት ደንበኛዬ የተወለደችው ታኅሣሥ 22 ቀን 1984 ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በተለመደው ሠንጠረዥ አይቶ ዲሴምበር 31 ቀን 1991 ብሎ ጻፈላት። ሌላው በትክክል ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 አለ። ልዩነቱ አንድ ቀን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቀኑም ወሩም ዓመቱም የተለየ ነውና ሁለት ሰው ትመስላለች። እሷም የተሳሳተው ሁለተኛው መስሏት እንዲታረም ልትሟገት ነበር የመጣችው።

አብረን አሰላነው። 1984 ለአራት ያለ ትርፍ ይካፈላል፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 1983 ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ነበረች፤ እንቁጣጣሽም የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1991 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሦስት ሙሉ ወርና 21 ቀን፣ በድምሩ 111 ቀን አለ። ከሴፕቴምበር 12 ተነስተህ 111 ቀን ስትቆጥር ሴፕቴምበር 18 ይሰጥሃል፣ ኦክቶበር 31፣ ኖቬምበር 30፣ ዲሴምበር 31፤ ይህ 110 ነው። የቀረችው አንዷ ቀን ጃንዋሪ 1 ላይ ታሳርፍሃለች።

ልታምነኝ አልቻለችም። እኔም በዚህ ጊዜ የምጠቀምበት መፈተኛ አለኝ፤ የሳምንቱ ቀን አይዋሽም። ረቡዕ በሁለቱም ቆጠራ ረቡዕ ነው። እናቷ ጋ እንድትደውል አደረግኋት። እናት በስልክ፦ «ረቡዕ ነዋ የወለድኩሽ፤ ምን ሆነሽ ነው ዛሬ ይህን የምትጠይቂኝ?» አሉ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ረቡዕ ነበር፤ ዲሴምበር 31 ማክሰኞ።

እንግዲህ በመስከረምና በየካቲት መካከል የተወለደ ሰው ሲመጣ አስቀድሜ የማየው ዓመቱ ለአራት መካፈሉን ነው። ስልክ ላይ ያለውን መለወጫም በዚሁ እፈትነዋለሁ፤ መስከረም 1 ቀን 2016ን አስገብቼ ሴፕቴምበር 11 ካለኝ አልጠቀምበትም።

«ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19፤ አይለወጡም።»

ገናስ በእርግጥ አይለወጥም፣ ግን እኛ ስለምናንቀሳቅሰው ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠራል፤ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ስትጨምር ቆጠራው ከአንድ ቀን በፊት ይሞላል። ጥምቀት ግን ከጥር 11 አይነቃነቅም። ስለዚህ በ2020 ዓ.ም. ጥምቀት የሚውለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ነው። የጣናን ገዳማትና የጎንደርን ጥምቀት በአንድ ጉዞ ለሚያስጎበኙ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጃንዋሪ 19 ማታ የሚመለስ እንግዳ ከተራን ብቻ አይቶ ይሄዳል።

«የዓድዋ ድል አንዱ መጽሐፍ ማርች 1፣ ሌላው ማርች 2 ይላል፤ አንዱ ተሳስቷል።»

ጦርነቱ የተካሄደው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ያ ቀን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። በዓሉ ዛሬ የሚከበርበት የካቲት 23 ደግሞ ማርች 2 ላይ ይውላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በመካከል 1900 አለፈ። ፈረንጆቹ መቶ የሚሞላ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29ን ይተዋሉ፤ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6ን አንዘልም። በ1891 መጨረሻ ስድስተኛዋን ቀን ጨመርን፣ እነሱ በ1900 አልጨመሩም፣ የተገፋው ቀንም ሳይመለስ ቀረ። እንቁጣጣሽ ከሴፕቴምበር 10 ወደ 11 የሄደው ያኔ ነው።

እኛ ይህን በዕድሜያችን ያላየነው 2000 ለ400 ስለሚካፈል ነው። 2100 ግን አይካፈልም። በዚያ ዓመት የሚብተው የ2093 እንቁጣጣሽ ዘመነ ዮሐንስ ባይሆንም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ታኅሣሥ 29 ጃንዋሪ 8፣ ዓድዋም ማርች 3 ይሆናሉ። ጠረጴዛዬ ላይ የለጠፍኩት ሠንጠረዥ ያኔ በሌላ መተካት አለበት።