እጅ ሲሰጥ «መዳፍ ለገሰ»፦ የኤአይን ጽሑፍ እየቀያየሩ ከዲቴክተር ስለማምለጥ

«ቃሉን በተመሳሳይ ቃል ከተካሁት ማን ያውቅብኛል?»

አንባቢ ያውቃል፤ ያውም የኤአይን ጽሑፍ ከሰው ጽሑፍ ከሚለየው ሶፍትዌር፣ ከዲቴክተሩ ቀድሞ። ኤአይ «የጠላት ጦር ከረጅም ውጊያ በኋላ እጅ ሰጠ» ብሎ ጻፈ እንበል። ቃል ቀያሪው መሣሪያ ይህን ተቀብሎ «የባላንጣ ሠራዊት ከረዘመ ፍልሚያ ወዲያ መዳፍ ለገሰ» ይልሃል። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ ብዙም አላጠፋም። ግን እጅ ይሰጣል እንጂ መዳፍ አይለገስም። ቃል የለመደው ጓደኛ አለው፤ መሣሪያው ጓደኝነቱን አያውቅም።

ይህ የእኔ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ጊዮም ካባናክ የተባለ ፈረንሳዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ ከታተሙ የእንግሊዝኛ የምርምር ጽሑፎች እንዲህ ያለ ጉድ ለቅመው አወጡ። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የነበረው «ሐሰተኛ ንቃተ ህሊና» ሆኗል። «የጡት ካንሰር» ደግሞ «የደረት አደጋ»! ቃሉ የተቀየረው የተቀዳ ጽሑፍን ከሚለይ ሶፍትዌር ለማምለጥ ይመስላል። ነገሩ ግን ተገለበጠ። እንዲህ ያለ ሐረግ በጤናው የሚጽፍ ሰው ስለሌለ፣ ሐረጉ ራሱ መፈለጊያ ቃል ሆነ።

«እሺ፣ ቃሉ እንግዳ ከሆነ ዲቴክተሩ ይሸወዳል አይደል?»

አንዳንዴ አዎ። ብዙ ዲቴክተሮች ከሚያዩት ነገር አንዱ ቀጣዩ ቃል ምን ያህል ሊገመት ይችላል የሚለው ነው። ኤአይ ደግሞ የሚገመተውን ቃል ያዘወትራል። ግን ከመቶ ቃል አሥሩን ብትቀይር ዘጠናው እዚያው ቁጭ ብሏል። የዓረፍተ ነገሩ ርዝመትና የሐሳቡ ቅደም ተከተል አልተነካም። በየአንቀጹ አናት የሚመጣው «ከዚህም በተጨማሪ» እንኳ አለ (ወይ «ከዚህ ባሻገር» ሆኗል፤ ያው ነው)።

ሙሉውን አፍርሶ የሚጽፈው መሣሪያስ? እሱም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ኤአይ ነው። የማሽን ጽሑፍ በማሽን ጽሑፍ ተተካ ማለት ነው። በተከለሰ ጽሑፍ ጭምር የሠለጠነ ዲቴክተር ካጋጠመህ የከላሹንም አመል ያውቀዋል።

«በፊደላቱ መሃል የማይታይ ክፍተት ብሰገስግስ?»

U+200B የሚባለው ምልክት ዓይን አያየውም፣ ሶፍትዌር ግን ያየዋል። በአንድ ትእዛዝ ይጠርገዋል። ደግሞም እዚያ መገኘቱ ብቻውን ያስጠይቃል፤ በእጁ እየጻፈ እሱን በየቃሉ የሚያስገባ ሰው የለም።

«አንዱ ዲቴክተር ‹ሰው ነው የጻፈው› ካለኝ በቃ፣ አለፍኩ።»

ሌላኛው ሌላ ነገር ሊል ይችላል። ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣው ዲቴክተር ድርጅቱ በሞከረባቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ላይ ከማሽኑ ሥራ የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ነበር። ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት የኤአይ ብሎታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ስለዚህ «ሰው» ማለቱም «ማሽን» ማለቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መምህሩ ግን ዲቴክተር ላያስፈልገው ይችላል። «መዳፍ ለገሰ» የሚለው ሥር ያሰምርና «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅሃል።