የለንደኑ 12 ፓውንድ ጎንደር ሲደርስ ለምን 8.50 ይሆናል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሂሳብ መዝገብ እይዛለሁ። ከደንበኞቼ መካከል ለልጆች ፊደል የሚያስተምር አፕ የሠሩ ሁለት ወጣቶች አሉ። አፑን በብዛት የሚገዙት ለንደን ያሉ ወላጆች ናቸው። የዓመት ክፍያው 12 ፓውንድ ነው። የአፕል አካውንቱ የተከፈተው እዚያው በምትኖር እህታቸው ስም ነው። ወር በመጣ ቁጥር የሚያነሱልኝን ነገር ሌሎች አፕ ሠሪዎችም ሲያነሱት ስለምሰማ፣ እዚህ ልጻፈው።

«ጋሼ፣ አፕል የሚቆርጠው ኮሚሽን 15 በመቶ ከሆነ፣ 100 ሰው 12 ፓውንድ ሲከፍል 1,020 መግባት ነበረበት። የገባው 850 ነው። 170ው ተበላ ማለት ነው?»

አልተበላም። የተረሳው ቫቱ ነው። እንግሊዝ አገር ቫት 20 በመቶ ነው፤ አፕ ስቶር ላይ የሚታየው ዋጋም ቫቱን በውስጡ ይዟል። እዚህ ፒያሳ 115 ብር ከፍለን የምንቀበለውን ደረሰኝ አስቡት። 15ቱ ብር የመንግሥት ነው፤ ባለሱቁ የሸጠው የ100 ብር ዕቃ ነው።

ከ12 ፓውንዱም መጀመሪያ 2 ፓውንድ ቫት ይወጣል። አፕል ሰብስቦ ራሱ ለእንግሊዝ መንግሥት ያስገባዋል። የሚቀረው 10 ፓውንድ ነው። ኮሚሽኑ የሚሰላው በዚህ 10 ላይ ነው፤ 15 በመቶው 1.50 ይሆናል። ለልጆቹ 8.50 ይተርፋል። በ100 ሰው 850 ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቫቱን ለማውጣት ከ12 ላይ 20 በመቶ አይቀነስም። 12 ለ1.2 ይካፈላል። ቫቱ የተጨመረው በ10ሩ ላይ ነውና።

አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የሚታየው ዋጋ ታክስ የለበትም፤ ታክስ ባለበት ግዛት ከላይ ይጨመራል። ስለዚህ ከ12 ዶላር 10.20 ይደርሳል። ለዚህ ነው ጠቅላላ ሽያጩን በአንድ ቁጥር አባዝቶ ገቢን መገመት የማያስኬደው። አገር በአገር መለየት ያስፈልጋል።

«አፕል መቼም 30 በመቶ ሳይወስድ አይለቅም።»

መደበኛው 30 ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ባለፈው ዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ ገቢ ያገኙ ሠሪዎች 15 እንዲከፍሉ የሚያስችል ፕሮግራም አለ። ማመልከት ግን ግድ ነው። ሳያመለክቱ በ30 የተቆረጠው ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰላም።

የእኛ ልጆች ይህን ሳያውቁ ቆይተዋል። የታወቀው በአንድ ማካፈል ነው። ከእንግሊዝ የሚደርሰውን ገንዘብ ደንበኛው ለከፈለው ዋጋ ስናካፍል 0.58 መጣ። በ15 በመቶ ቢሆን 0.71 ገደማ መምጣት ነበረበት። ከ12 ፓውንዱ 7 ብቻ ነበር የሚደርሳቸው። በዚያው ሳምንት አመለከቱ። እናንተም ይህን ማካፈል ሞክሩት።

ፕሮግራሙ ውስጥ ላልገባም አንድ መንገድ አለ። አንድ ደንበኛ ከፍሎ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ በእሱ ላይ የሚቆረጠው ወደ 15 ይወርዳል። ከ60 ቀን በላይ አቋርጦ ከተመለሰ ግን ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

«ስልኬ ላይ የማየው ቁጥር ገቢያችን ነው።»

የትኛው ቁጥር? App Store Connect ላይ `Sales` የሚለው ደንበኛው የከፈለው ነው፤ ቫቱም ኮሚሽኑም ገና በውስጡ አለ። `Proceeds` የሚለው ለእናንተ የሚደርሰው ነው፤ እሱም ቢሆን እዚያ ገጽ ላይ ግምት ነው። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ወሩ ተዘግቶ ከሚወጣው የፋይናንስ ሪፖርት የተወሰደ መሆን አለበት። ገንዘቡ ባንክ የሚገባው ከአፕል የሂሳብ ወር መጨረሻ በኋላ እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለደንበኛ የተመለሰ ገንዘብ ካለም በተመለሰበት ወር ተቀናሽ ሆኖ ይመጣል።

«ሽያጩ የመስከረም ነው፤ ስለዚህ 850ው በሙሉ የመስከረም ገቢ ነው።»

ወላጆቹ የከፈሉት ለአንድ ዓመት አገልግሎት ነው። በመስከረም የተሰጠው የአንድ ወሩ ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ ከ850ው አንድ አሥራ ሁለተኛው፣ 71 ፓውንድ ገደማ፣ የወሩ ገቢ ይሆናል። የቀረው ገና ያልተሠራበት ገንዘብ ተብሎ እንደ ዕዳ ይቀመጣል፤ በየወሩ ወደ ገቢ ይዛወራል።

አንዳንዱ ድርጅት መነሻውን 1,000 አድርጎ 150ውን ኮሚሽን በወጪ ይመዘግባል። ሌላው 850ውን ብቻ ገቢ ይላል። የሚወስነው ለደንበኛው ሻጭ ተብሎ የሚቆጠረው ማን እንደሆነ ነው፦ ዋጋ የሚተምነው ማን ነው፣ ለአገልግሎቱስ ተጠያቂው ማን ነው? ትርፉ በሁለቱም አንድ ነው። የቫቱ 200 ፓውንድ ግን በየትኛውም መንገድ ገቢ ሆኖ አይመዘገብም።