ማይክ ውስጥ የገባ ነፋስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ነፋስም ያው ጫጫታ ነው። ኖይዝ ሪዳክሽን ከጫንኩበት ይጠፋል።»

እኔም የጀመርኩት እንዲህ ብዬ ነበር። ደጅ ላይ የቀዳሁትን የ12 ደቂቃ ቃለ ምልልስ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ከፈትኩ። እንግዳዬ ዝም ካለበት ቦታ ሁለት ሰከንድ መረጥኩ። Get Noise Profile ብዬ ሙሉውን ፋይል አጸዳሁት። ነፋሱ ንቅንቅ አላለም። ሰውዬው ግን በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ መሰለ።

መሣሪያው ናሙና ያያል፣ ከዚያ ያንን የሚመስለውን ሁሉ ይቀንሳል። የፍሪጅ ወይም የማራገቢያ ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይያዝለታል። ነፋስ ግን አንዴ ሽው ይላል፣ አንዴ ይተኛል፣ አንዴ ደግሞ ድንገት ይመታል። ከአንዱ ደቂቃ የተወሰደ ናሙና ለሚቀጥለው አይሆንም። መሣሪያው የማያውቀውን ነገር ሲያገኝ ነፋሱን ይተውና ንግግሩን ይሸረሽራል።

ሌላም ነገር አለ። ማይክ ላይ የሚያጉረመርመው ነገር በአብዛኛው ከሩቅ የመጣ ድምፅ አይደለም። ከሩቅ የመጣ ድምፅ የምንለው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የምንሰማውን ነው፤ ያ ቢቀዳም አያስከፋም። ጉርምርምታው ግን አየሩ ራሱ ማይኩን ሲገፋና ዙሪያውን ሲተረማመስ እዚያው የሚፈጠር ነው። ይህን መያዝ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም «ፖፕ» የምንለውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ከአፋችን የወጣች ትንሽ ነፋስ ናት።

«ፖፑ የሚመጣው ጮክ ብዬ ስለማወራ ነው። ድምፄን ዝቅ ባደርግ ወይም ጌይኑን ብቀንስ ይጠፋል።»

መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት ያዙና «ፖስታ» በሉ። ቡፍ ብሎ ይመታችኋል። አሁን በሹክሹክታ ድገሙት። አሁንም ይመታል፤ ድምፃችሁ የለም፣ አየሩ ግን አለ። ቀጥሎ «ጳጳስ» በሉ። ይሄ በጣም ያነሰ ነው። «ጰ» ስንል ጉሮሯችን ስለሚዘጋ የሚወጣው በከንፈርና በጉሮሮ መካከል የታመቀችው ጥቂት አየር ብቻ ናት። «ፐ» ስንል ግን የሳንባ አየር ከኋላ ይከተላል። በአማርኛ ብዙ ጊዜ ጣጣ የሚያመጡት እንደ «ፕሮግራም»፣ «ፖለቲካ»፣ «ፓርቲ» ያሉ የውሰት ቃላት የሆኑትም ለዚህ ይመስለኛል። «ፈ»ም ቀላል አይደለችም፤ ማይኩ ቅርብ ከሆነ ትነፋበታለች።

ጌይን ማለት መቅጃው ከማይኩ የሚመጣውን የሚያጎላበት መጠን ነው፤ እሱን መቀነስ ድምፁንም ፖፑንም እኩል ያወርዳል። በኋላ ከፍ ስታደርጉት ሁለቱም ተያይዘው ይመጣሉ። የሚያዋጣው የአየሩን መንገድ መሸሽ ነው። ድምፅ ከአፍ ሲወጣ ወደ ዙሪያው ይበተናል። አየሩ ግን ጠባብ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ማይኩን ሳታርቁ ወደ ከንፈራችሁ ጥግ አዙሩት፤ አቅጣጫው አሁንም ወደ አፋችሁ ይሁን። ድምፁ ብዙም አይለወጥም፣ አየሩ ግን በጎኑ ያልፋል።

ፖፕ ፊልተር ካላችሁ ከማይኩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አርቁት። አራት ጣት ገደማ መሆኑ ነው። ወንፊቱ አየሩን ይሰብረዋል፣ የተሰበረው አየር ግን ማይኩ ጋ ሳይደርስ የሚሞትበት ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ወንፊቱን ማይኩ ላይ ለጥፎ «ፊልተሩ አይሠራም» ይላል።

«ማይኬ እኮ ስፖንጅ አለው!»

ስፖንጁ ለትንፋሽና ቤት ውስጥ ላለ ቀለል ያለ የአየር እንቅስቃሴ ነው። ደጅ ላይ እውነተኛ ነፋስ ሲመጣ ቶሎ እጅ ይሰጣል። ለዚያ የሚሆነው ፀጉራሙ ሽፋን ነው። ፀጉሮቹ ነፋሱን ቀስ በቀስ ስለሚያደክሙት ማይኩ ዙሪያ የተረጋጋ አየር ይቀራል። ይበልጥ የሚሠራው ደግሞ ማይኩን ባዶ ቦታ ባለው ቅርጫት ውስጥ አስገብቶ ፀጉሩን ከላይ ማልበስ ነው። ፀጉሩ ረጥቦ ወይም ተድቦልቡሎ ከሆነ አድርቁትና አበጥሩት፤ የሚያደክመው የቆመ ፀጉር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፊት ብቻ እንዲሰማ የተሠራ ማይክ ከሁሉም አቅጣጫ ከሚሰማው ይልቅ በነፋስም በፖፕም ይጎዳል። «ውድ ማይክ አለኝ፣ ነፋስ ምን ያደርገኛል» ያለ ሰው አንዳንዴ ደረቱ ላይ ተራ ማይክ በሰካው ጓደኛው ይበለጣል።

«ሃይ ፓስ ፊልተር 200 ኸርዝ ላይ አድርጌ ሙሉውን ፋይል ባሳልፈው ይበቃል።»

ሃይ ፓስ ፊልተር ከሰጣችሁት ቁጥር በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ይቆርጣል። ነፋስም ፖፕም ጉልበታቸው ታች፣ ወፍራሙ ድምፅ ጋ መሆኑ እውነት ነው። ችግሩ የሰው ድምፅም እዚያ ሠፈር ይኖራል። የወንድ ድምፅ መነሻው ባብዛኛው ከ85 እስከ 180 ኸርዝ፣ የሴት ከ165 እስከ 255 ኸርዝ አካባቢ ነው። 12 ደቂቃውን በሙሉ 200 ላይ ከቆረጣችሁት ደረት የሌለው፣ የስልክ የሚመስል ሰው ይተርፋችኋል። ለሙሉው ፋይል 80 ኸርዝ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ቦታ ቦታውን እየመረጡ መሥራት ነው።

በእኔ ፋይል አራተኛው ደቂቃ ላይ እንግዳዬ «ፕሮጀክት» ሲል ጆሮ የሚመታ ፖፕ ነበር። ሞገዱን አጉልቼ ሳየው ነገሩ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ጠፍጣፋ መስመር አለ፤ ከንፈሩ የተዘጋባት ቅጽበት ናት። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ሰፋፊ፣ ዘገምተኛ ኩርባዎች ይመጣሉ። ፖፑ ይሄ ነው። ከዚያ ጥቅጥቅ ያለው፣ ጥርስ ጥርስ የሚመስለው የንግግሩ ሞገድ ይቀጥላል።

ከጠፍጣፋው መስመር ጀምሬ ኩርባዎቹ እስኪያልቁ መረጥኩ፤ 0.08 ሰከንድ ገደማ ሆነ። Z ተጫንኩ፤ ይህ የምርጫውን ጫፎች ሞገዱ ዜሮን ወደሚያቋርጥበት ያስጠጋል። ከዚያ High-Pass Filter ከፍቼ Frequency 150፣ Roll-off 24 አደረግኩ። ሰማሁት፣ ጥቂት ቀርቷል። መልሼ በ200 ሞከርኩ፣ ሄደ። ለ0.08 ሰከንድ 200 ብንጠቀም ጆሮ ልብ አይልም፤ ለ12 ደቂቃ ግን ይታወቃል። ምርጫው ዝምታ ላይ ስለጀመረ መግቢያው ላይ «ቀጭ» የሚል ነገር አልተፈጠረም። መውጫው ላይ ከተፈጠረ ጫፉን ትንሽ ማንቀሳቀስ ነው።

ፖፑን ቆርጦ መጣል ወይም በዝምታ መተካት ግን አይሆንም። በዚያች ቦታ ላይ ቀጭኗ የ«ፕ» ፍንዳታም አለች። እሷን ካጠፋችሁ እንግዳችሁ ስለ «ሮጀክት» ማውራት ይጀምራል።

ረዥም የነፋስ ምትም በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ ግን ሁለት ነገር ለዩ። ምቱ ንግግር ላይ ካረፈ ረጋ በሉ፤ 120 ላይ ጀምሩና ድምፁ መሳሳት ሲጀምር አቁሙ። ሰውዬው ዝም ባለበት ካረፈ ደግሞ እዚያው ቦታ ከተቀዳ፣ ነፋስ ከሌለበት ቁራጭ ቅዱና በላዩ ተኩት። ባዶ ዝምታ ካስገባችሁ አድማጩ ፋይሉ የተቋረጠ ይመስለዋል።

ትልቁንና ትንሹን ድምፅ የሚያቀራርበውን ኮምፕረሰር የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ሁሉ ከሱ በፊት ይለቅ። ኮምፕረሰር ፖፑን «ትልቅ ድምፅ መጣ» ብሎ ስለሚያየው ሁሉንም ወደታች ይጫናል፤ ከፖፑ ቀጥሎ ያለው ቃል አብሮ ይሰምጣል። በኋላ ፖፑን ብታጠፉትም የሰመጠው ቃል እንደሰመጠ ነው።

«በስልኬ ስሰማው ንጹህ ነው እኮ።»

የስልክና የላፕቶፕ ስፒከር ታችኛውን ድምፅ ማውጣት አይችልም። ፖፑ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ እናንተ ጋ አይደርስም እንጂ። በመኪና ወይም በጥሩ ኢርፎን የሚሰማችሁ ሰው ግን ከበሮ ይሰማል። ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን አድርጋችሁ ፈትሹ፤ የሚቻል ከሆነ እየቀዳችሁ እያለ።

«የፈለገ ቢበላሽ ኤዲተሩ ያወጣዋል።»

የኔ ፋይል ላይ ሦስት ትልልቅ የነፋስ ምቶች ነበሩ። ሁለቱን ከላይ ባልኩት መንገድ አበረድኳቸው። ሦስተኛውን ሳጎላው የሞገዱ አናት እንደ ጠረጴዛ ተቆርጧል። ነፋሱ ማይኩን ወይም መቅጃውን ከሚችለው በላይ ገፍቶታል፤ ክሊፕ አድርጓል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የሚፈጠረው ሸካራ ድምፅ ታች ብቻ አይቀመጥም፣ እስከ ላይ ይዘልቃል። ድምፁን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በምስል በሚያሳየው ስፔክትሮግራም ስታዩት ከታች እስከ ላይ የቆመ ብሩህ ግድግዳ ይሆናል። ታችኛውን ብትቆርጡ ሸካራው ንግግሩ መሃል ይቀራል። በጣም ትልቅ ድምፅ ሳይቆርጡ መያዝ የሚችሉት፣ በ32 ቢት ፍሎት የሚቀዱ መሣሪያዎችም ሁሌ አያድኑም። መቅጃው ቢተርፍ እንኳ ማይኩ ራሱ ከተንገዳገደ የሚቀዳው የተንገዳገደውን ነው።

ሃይ ፓስ ሞከርኩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ። ቃላቱ አልለይ አሉ። በመጨረሻ ሰባቱን ሰከንድ ቆርጬ አወጣሁና እንግዳዬ ያለውን በራሴ ድምፅ ተረክሁት፣ ማይኩን ከከንፈሬ ጥግ አድርጌ።