ጄኔራል ኖት መፈተሽ ምንድን ነው?

የስትራክቸራል ድሮዊንግ ሲከፈት መጀመሪያ አካባቢ የሚገኘው፣ ጽሑፍ የሞላበት ሉህ ጄኔራል ኖት ይባላል። የኮንክሪቱ ደረጃ፣ የፌሮው ዓይነት፣ የኮንክሪት ከቨሩ መጠን፣ ማለትም ብረቱን የሚሸፍነው ኮንክሪት ውፍረት፣ እዚያ ይሰፍራል። ብዙ ጊዜ ከድሮ ፕሮጀክት ኮፒ ተደርጎ ይመጣል። እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የሚገባውም በዚሁ በኩል ነው። መፈተሽ ማለት ኖቶቹን እርስ በርስና ከዲቴሎቹ ጋር ማስተያየት ነው።

አንድ ጂ+4 ሕንፃ እንውሰድ። ኖት 3 «ኮንክሪት ሲ-25» ይላል፤ የኮለን ዲቴሉ ደግሞ «ሲ25/30»። አንድ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። በድሮው የኢትዮጵያ የኮንክሪት ኮድ በኢቢሲኤስ-2 ሲ-25 የኪዩብ ጥንካሬ ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የኪዩቡ በሆነበት በአዲሱ አጠራር ሲ20/25 ማለት ነው። ስለዚህ ዲቴሉ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ኮንክሪት ይጠይቃል።

ወደ ከቨሩ እንምጣ። ኖት 6 «ለቢም 25 ሚ.ሜ.» ይላል፤ ኖት 14 ደግሞ ከቨር የሚለካው እስከ ዋናው ፌሮ ነው ይላል። እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ከቨር መለካት ያለበት ለኮንክሪቱ ፊት እስከሚቀርበው ብረት ነው፤ ቢም ላይ ደግሞ እሱ ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ስታፋ ነው። ስታፋው 8 ሚ.ሜ. ከሆነ በኖት 14 አለካክ የሚተርፍለት 17 ብቻ ነው። በአውሮፓው ኮድ በዩሮኮድ ደረቅ የቤት ውስጥ ቢም እንኳ ለዝገት መከላከያ 15፣ ለሥራ ስህተት ደግሞ 10 ሚ.ሜ. ይያዝለታል። በድምሩ 25 ነው፣ ያውም እስከ ስታፋው።

የጎደለውን ማግኘት ይከብዳል፤ ያልተጻፈ ነገር ዓይን አይስብም። እኔ ሠንጠረዥ እሠራለሁ፦ ፉቲንግ፣ የቤዝመንት ግድግዳ፣ ኮለን፣ ቢም፣ ስላብ፣ ደረጃ፣ የውሃ ታንከር። ከጎናቸው ከኖቱና ከዲቴሉ ያገኘሁትን ቁጥር እጽፋለሁ። ባዶ የቀረው ሳጥን ራሱ ይናገራል። በዚህ ሕንፃ ባዶ የቀረው ፉቲንጉ ነው። አፈሩ ላይ አስቀድሞ በሚነጠፍ ስስ ሊን ኮንክሪት ላይ የሚሞላ ከሆነ ዩሮኮድ ቢያንስ 40፣ በቀጥታ አፈር ላይ ከሆነ 75 ሚ.ሜ. ይመክራል። ስለዚህ ሊን ኮንክሪት መኖር አለመኖሩም አብሮ ይታያል።

«ሲጋጭ ትልቁ ይያዝ» የሚል መፍትሔ ሳይት ላይ ይወደዳል። ለከቨር ግን አያዋጣም። 150 ሚ.ሜ. ስላብ ላይ 10 ቁጥር ፌሮ ቢኖርና ከቨሩ ከ15 ወደ 25 ቢያድግ፣ ኢፌክቲቭ ዴፕዙ፣ ማለትም ከስላቡ ላይኛው ፊት እስከ ታችኛው ፌሮ መሃል ያለው ርቀት፣ ከ130 ወደ 120 ይወርዳል። ስላቡ የተሰላው በ130 ከሆነ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥሩን የሚመርጠው ዲዛይነሩ ነው። ጥያቄው የኖቱንና የሉሁን ቁጥር ጠቅሶ በጽሑፍ ይላክለታል። መልሱም በስልክ አይቅር፤ ሉሁ ራሱ ተስተካክሎ በአዲስ ሪቪዥን ይውጣ። አለዚያ ፌሮ ሠራተኛው የያዘው ያው የድሮው ኮፒ ነው።